9 ዋት ኤልኢዲ 100 ዋቱን ለምን አልተካም?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። ሳሎን ባለ 100 ዋት፣ መኝታ ቤት ባለ 60 ዋት የድሮ ክብ አምፖል፣ ኩሽና ደግሞ ረጅሙ ፍሎረሰንት ነበር። ባለፈው ወር ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን በ9 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኩ። ባለሱቁ 100 ዋት ይተካል ብሎኝ ነበር። ሳሎኑ ግን ደበዘዘብን፤ ልጄ የቤት ሥራ ስትሠራ ዓይኔን ደከመኝ ትላለች። መኝታ ቤቱ ደግሞ ክሊኒክ መሰለ። ባለቤቴ የድሮውን መልሺው እያለ ነው። ገንዘቤን አባከንኩ ማለት ነው? ለየክፍሉ ምን ልግዛ? ኩሽናውንስ ልቀይረው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ገንዘብዎ አልባከነም። አምፖሎቹም የተበላሹ አይመስለኝም። ደህና የተሠራ 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን 60 ዋት በሚገባ ይተካል። 100 ዋቱን ግን አይተካም። ሳሎኑ የደበዘዘው ለዚህ ነው። የመኝታ ቤቱ ችግር ከዚህ ጋር አይገናኝም። እዚያ ብርሃኑ አላነሰም፤ የብርሃኑ ቀለም ነው ለክፍሉ ያልሆነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ልመልስልዎት፣ ከዚያ ወደ ኩሽናው እንሄዳለን።

ዋት የሚነግረን አምፖሉ ከቆጣሪው ላይ ምን ያህል እንደሚበላ ነው። ምን ያህል እንደሚያበራ አይነግረንም። ድሮ በዋት መግዛት ያስኬድ የነበረው ሁሉም አምፖል አሠራሩ አንድ ስለነበረ ነው። ውስጡ ያለችው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ እስክትግል ትሞቃለች፣ በግለቷም ታበራለች። ከሚገባው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለወጠው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሁሉም በዚህ መንገድ ስለሚሠራ ብዙ የሚበላው ብዙ ያበራ ነበር፤ 100 ዋቱ ከ60 ዋቱ ይበልጣል ማለት ብቻውን በቂ ነበር። ኤልኢዲ ሲመጣ ይህ ልኬት ፈረሰ። ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲዎች አንዱ 600፣ ሌላው 900 ሉመን ሊሰጡ ይችላሉ። ቆጣሪዎ ላይ እኩል ናቸው፣ ክፍልዎ ውስጥ ግን አይመሳሰሉም።

የብርሃኑን መጠን የሚናገረው ሉመን ነው። ሳጥኑ ላይ ከአንድ ቁጥር ቀጥሎ ኤል እና ኤም የሚሉ ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ያገኛሉ፤ ሉመኑ እሱ ነው። ዋቱ በትልቁ ስለሚጻፍ ይቺ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ጎን ላይ ተደብቃ ነው የምትገኘው። ለመግዣ የሚሆንዎትን ያህል ይኸው፦ የድሮውን 40 ዋት ለመተካት ወደ 470 ሉመን፣ 60 ዋቱን ለመተካት ወደ 800፣ 75 ዋቱን ለመተካት ወደ 1,050፣ 100 ዋቱን ለመተካት ደግሞ ወደ 1,500 ሉመን ይፈልጉ። የአውሮፓ ደንብ አምራቾች ሳጥን ላይ «ይህን ይተካል» ብለው እንዲጽፉ የሚፈቅደው በእነዚህ ቁጥሮች ልክ ነው። ቁጥሮቹ ከድሮው አምፖል ትክክለኛ ብርሃን ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው። አዲስ 100 ዋት አምፖል በእኛ ዓይነት መስመር ላይ የሚሰጠው 1,340 ሉመን ገደማ ነበር። ከፍ የተደረጉት ኤልኢዲ ሲያረጅ ቀስ በቀስ ስለሚደክም ነው። ከዓመታት በኋላም የድሮውን ያህል እንዲያበራ ከመነሻው ትርፍ ይያዝለታል።

አሁን የእርስዎን እንመልከት። 9 ዋት ኤልኢዲ በተለመደው ጥራት 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣል። ከ1,340 ወደ 800 ወረዱ ማለት ነው። ከብርሃንዎ አርባ ከመቶ ያህሉን አጥተዋል። ደበዘዘብን ማለትዎ ልክ ነው።

ባለሱቅ የሚልዎትን በራስዎ መፈተሽ ከፈለጉ ሉመኑን በዋቱ ያካፍሉ። በገበያችን ላይ ያለ ደህና የቤት ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ80 እስከ 110 ሉመን ይሰጣል። ስለዚህ ለ1,500 ሉመን ከ14 እስከ 19 ዋት ያስፈልጋል። 9 ዋት ሆኖ 1,800 ሉመን የሚል ርካሽ አምፖል ካጋጠመዎት በዋት 200 ሉመን ሰጠሁ እያለዎት ነው። በዚያ ልክ የሚሠሩ አምፖሎች በዓለም ላይ አሉ፣ ግን ውድ ናቸው፤ በርካሽ ዋጋ ተደርድረው አይጠብቁዎትም። ሉመን ጨርሶ ያልተጻፈበትን ሳጥን ደግሞ እኔ አልገዛም። ቁጥሩን ያልጻፈ አምራች ያልጻፈበት ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ ስለ ሳሎኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ 1,500 ሉመን ቢያስገቡም የልጅዎ ዓይን ድካም ሙሉ በሙሉ አይፈታም። ለምን እንደሆነ እናስላው። የጻፉልኝ ልኬት ስለሌለ ሳሎኑ 3.5 በ4 ሜትር፣ ማለትም 14 ካሬ ነው ብለን እንያዝ። ከጣሪያ የሚወርደው ብርሃን በግድግዳ፣ በመጋረጃና በአምፖል መሸፈኛ ላይ ይባክናል። በግምት ግማሹ ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል እንበል። የድሮው 1,340 ሉመን ለ14 ካሬ ሲካፈል 96 ያህል ነው፤ ግማሹ 48። ይህ በአንድ ካሬ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያው ሉክስ ይባላል። ስለዚህ ድሮም ጠረጴዛው ላይ የነበረው 50 ሉክስ እንኳ አይሞላም። አሁን በ9 ዋቱ ወደ 28 ወርዷል። ለማንበብና ለመጻፍ ደግሞ ቢያንስ 300 ሉክስ ይመከራል። 300ን ከጣሪያ አምፖል ብቻ ለማግኘት ሳሎኑ ከ8,000 ሉመን በላይ ይፈልጋል። ይህ ስድስት የድሮ 100 ዋት አምፖል ማለት ነው። ማንም ቤቱን እንዲህ አያበራም፤ ማብራትም የለበትም።

መፍትሔው ብርሃኑን ወደ ደብተሩ ማቅረብ ነው። ብርሃን በርቀት በጣም ይቀንሳል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። 400 ሉመን ብቻ ያላት የጠረጴዛ መብራት ከደብተሩ ግማሽ ሜትር ከፍ ብላ ወደ ታች ስታበራ 500 ሉክስ ገደማ ትሰጣለች። ይህ 4 ወይም 5 ዋት ነው። መብራቷን ልጅቷ በምትጽፍበት እጅ ተቃራኒ በኩል ያስቀምጡ። በቀኝ የምትጽፍ ከሆነ በግራዋ ይሁን፤ ያለዚያ የእጇ ጥላ ራሱ የምትጽፈው መስመር ላይ ይወድቃል። አምፖሉ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ መሸፈኛው ከዓይኗ በታች ዝቅ ይበል። የጣሪያውን መብራት ግን አታጥፉት። ደብተሩ ብቻ በርቶ ዙሪያው ጨለማ ከሆነ ዓይን ቀና ባለ ቁጥር እንደገና መላመድ ስላለበት ይደክማል።

ለሳሎኑ ጣሪያ 1,500 ሉመን ያለው አንድ አምፖል ይግዙ። ሶፋው ጥግ ላይ የቆመ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰካ ባለ 800 ሉመን ሁለተኛ መብራት ቢጨምሩ ደግሞ ቤቱ ይለወጣል። ከአንድ ቦታ ብቻ የሚመጣ ብርሃን ፊት ላይ ጥላ ይጥላል፤ ከሁለት ቦታ ሲመጣ ግን የእንግዳዎ ፊት በደንብ ይታያል። በነገራችን ላይ አንዳንድ ኤልኢዲ ሉመኑ ልክ ሆኖ ሳለ ክፍሉን ያጨለመ የሚመስልበት ሌላ ምክንያት አለ። የድሮው አምፖል ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያበራል፤ ጣሪያውንም ጭምር። ግማሽ ክብ ፕላስቲክ ያለው ኤልኢዲ ግን የታችኛው ግማሹ ብርሃን የማያሳልፍ አካል ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ፊት ለፊቱ ብቻ ይወረውራል። ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ሲያይ ወለሉ ይበራል፣ ጣሪያው ይጨልማል። ዓይናችን ክፍሉን ብሩህ ነው የሚለው ጣሪያና ግድግዳ ሲበሩ ነው። ይህ ካስቸገረዎት ብርጭቆ ሆኖ ውስጡ ቢጫ ክር የሚመስሉ ዘንጎች ያሉበትን ኤልኢዲ ይምረጡ፤ እሱ እንደ ድሮው ዙሪያውን ያበራል።

አሁን ወደ መኝታ ቤቱ። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ሲሆን ሳጥኑ ላይ ከአራት አሃዝ ቁጥር ቀጥሎ ኬ የምትለው ፊደል ናት። የቤት አምፖሎች ላይ የሚያገኟቸው ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ 2700፣ 3000፣ 4000 እና 6500 ናቸው። ቁጥሩ ከብርሃኑ ብዛት ጋር አይገናኝም። ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫማ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ነጭ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይሆናል። የድሮው አምፖልዎ 2700 ገደማ ነበር። የሽቦዋ ሙቀት ራሱ ነው ቀለሙን የሚሰጠው። ደመና የሸፈነው የቀን ሰማይ ብርሃን 6500 አካባቢ ነው። እርስዎ ከሱቅ ይዘው የመጡት ይህን የቀን ሰማይ ነው። ማታ ለመተኛት የሚዘጋጅ ሰው ክፍል ውስጥ የቀትር ሰማይ ሲበራ ክሊኒክ ቢመስል አይገርምም።

ለምን በየሱቁ 6500 ብቻ እንደተደረደረ መረዳት ይጠቅማል። ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ የሚያበራ ትንሽ ቺፕ ላይ ፎስፈር የሚባል፣ ከሰማያዊው ብርሃን ከፊሉን ወደ ቢጫ የሚለውጥ ዱቄት ይቀባል፤ ሰማያዊውና ቢጫው ተደባልቀው ነጭ ይመስሉናል። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ የ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው። ብርሃኑን ሞቅ ለማድረግ ተጨማሪ ፎስፈር፣ በተለይ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ብርሃኑ ፎስፈሩ ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ይባክናል። ስለዚህ በተመሳሳይ ዋት ቀዝቃዛው ነጭ ጥቂት ሉመን ይበልጣል። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲበራም ቦግ ያለ ስለሚመስል ገዢ ይማርካል። ከ2700ው ጋር ያለው ልዩነት ግን ቤት ውስጥ የሚታወቅ አይደለም። እኔ ለአሥር ከመቶ ብርሃን ብዬ የማታ ሰላሜን አልሰጥም።

ነገሩ የስሜት ብቻም አይደለም። ዓይናችን ውስጥ ከማየት ውጭ ሌላ ሥራ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ለሰማያዊ ብርሃን ይነቃሉ፣ ለአንጎል «ገና ቀን ነው» የሚል መልእክት ይልካሉ። አንጎልም ሜላቶኒን የሚባለውን የመኝታ ሆርሞን ያዘገያል። ስለዚህ በማታ ብዙ ነጭ ብርሃን እንቅልፍን ሊገፋ ይችላል። የብርሃኑ ብዛትም እንደ ቀለሙ ይቆጠራል፤ ደብዛዛ ነጭ መብራት ከጠንካራ ቢጫ መብራት የባሰ ነው ማለቴ አይደለም። ለመኝታ ቤት ግን ሁለቱም ዝቅ ይበሉ፦ 2700 ኬልቪን፣ 800 ሉመን በጣሪያ፣ አልጋ አጠገብ ደግሞ 250 ሉመን ያህል ትንሽ መብራት። ባለቤትዎ የሚናፍቁት የድሮው ብርሃን በ8 ወይም በ9 ዋት ተመልሶ ይመጣል።

ሳሎኑን እኔ 3000 አደርገዋለሁ። ከ2700 ጥቂት የነጣ ነው፣ ለእንግዳም ለቴሌቪዥንም ይስማማል። የልጅዎ የጠረጴዛ መብራት 4000 ቢሆን ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ማታ ረፍዶ የምታጠና ከሆነ ግን 3000 ይሻላል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ብዙ ጊዜ ከኩሽናው ጋር በክፍት በር ይተያያል። እንዲህ ከሆነ ሳሎኑ 3000 ኩሽናው 6500 ሲሆን አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይመስላል፤ ዓይንም ይረብሻል። በአንድ እይታ የሚታዩ ክፍሎችን ከ3000 እስከ 4000 ባለው ክልል ውስጥ ያድርጓቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት ቀለም አይቀላቅሉ፤ ሻንደሊየር ላይ አንዱ ቢቃጠል ምትኩን ሲገዙ ኬልቪኑን ጽፈው ይሂዱ።

የቀሩትን በአጭሩ። መታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ 4000 ጥሩ ነው። ኮሪደር እንደ ሳሎኑ ይሁን። የውጭ በር ላይ ምንም ቢሆን ይሠራል። ስለዚህ ከሳሎንና ከመኝታ ቤት የሚያወጧቸውን ነጭ 9 ዋቶች አይጣሏቸው። አንዱን መታጠቢያ ቤት፣ ሌላውን በረንዳ ያድርጉት።

ኩሽናው ላይ ከኬልቪን ሌላ አንድ ቁጥር አለ። ቀለም ምን ያህል እውነተኛ ሆኖ እንደሚታይ የሚለካ ሲሆን ሳጥኑ ላይ ሲ አር አይ ወይም አር ኤ ተብሎ ይጻፋል። ከ100 ይታሰባል። የድሮው አምፖል 100 አካባቢ ነበር። ርካሽ ኤልኢዲ 70 ሊሆን ይችላል። 80 ለቤት ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ 90 ደግሞ ለኩሽና ዋጋው የሚያዋጣ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚጎዳው ቀይ ነው። በእንዲህ ያለ መብራት ሥር በርበሬ ቡናማ ይመስላል፤ ሥጋ ያረጀ ይመስላል። ቡና ሲቆሉ ደግሞ መቼ እንደደረሰ በቀለሙ መለየት ያስቸግራል። ለፈተና ያህል ትንሽ በርበሬ በነጭ ሳህን አድርገው አንድ ጊዜ በቀን በመስኮት አጠገብ፣ አንድ ጊዜ ማታ በመብራቱ ሥር ይመልከቱት። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ችግሩ መብራቱ ላይ ነው።

ረጅሙን ፍሎረሰንት መቀየር ይችላሉ፣ ግን እንደ አምፖል ነቅሎ መሰካት አይደለም። 120 ሳንቲ ሜትሩ ቱቦ 36 ዋት ነው፤ እቃው ውስጥ ሆኖ ወደ ቱቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው የድሮው ባላስት ራሱ ደግሞ ተጨማሪ 8 ወይም 9 ዋት ይበላል። አዲስ ሲሆን ከ3,000 ሉመን በላይ ይሰጣል፣ ጫፎቹ ከጠቆሩ ግን ብዙ ቀንሷል። ምትኩ የሚሆነው 18 ዋት ኤልኢዲ ቱቦ 1,800 እስከ 2,000 ሉመን ይሰጣል። ቁጥሩ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ፍሎረሰንቱ ግማሹን ብርሃን ወደ ላይ ነው የሚልከው፤ ኤልኢዲው ሁሉንም ወደ ታች ይልካል። ለትንሽ ኩሽና በቂ ነው፣ 4000 ኬልቪን ይሁን።

ጥንቃቄው ሽቦው ላይ ነው። አንዳንዱ ኤልኢዲ ቱቦ ከድሮው ባላስት ጋር ይሠራል፤ ስታርተሩን ብቻ አውጥተው አብሮ በሚመጣው ምትክ ይቀይሩታል። ሌላው ባላስቱ ወጥቶ ሽቦው በቀጥታ እንዲገባለት ይፈልጋል። ከዚህም ውስጥ አንዳንዱ ፌዝም ኒውትራልም በአንድ ጫፍ ይገባለታል፣ አንዳንዱ በሁለቱ ጫፎች። ሁለቱን ማምታታት ቱቦውን ያቃጥላል ወይም የሾርት አደጋ ያመጣል። ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል የሚያነብ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ሥራው ሲጀመር ማብሪያ ማጥፊያው ሳይሆን ብሬከሩ ይውረድ። ባላስቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ፍሎረሰንት ቱቦ እዚያ መልሶ መሰካት አደገኛ ስለሆነ እቃው ላይ «ኤልኢዲ ብቻ» ብለው ይጻፉበት። ኋላ ቤቱን የሚከራይ ሰው ሊያውቅ አይችልም።

ሱቅ ሲሄዱ እነዚህንም ይመልከቱ። የመጀመሪያው ቮልቴጅ ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልት ቢባልም ይወርዳል፣ ይወጣል። ሳጥኑ ላይ ከ100 እስከ 265 ቮልት ወይም ይህን የሚመስል ሰፊ ክልል የተጻፈበት አምፖል ከ220 እስከ 240 ብቻ ከሚለው ይሻላል። ኤልኢዲ ሲሞት ብዙውን ጊዜ የሚሞተው መብራቷ ሳትሆን ውስጡ ያለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ሰሌዳውን ይጎዳል። ስለዚህ ሲጠፋ ማብሪያዎቹን አጥፍተው ከተመለሰ ትንሽ ቆይተው ያብሩ። ሌላው ጠላቱ ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ በተዘጋ የመስታወት ግሎብ ውስጥ ያለ 15 ዋት ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚያወጣበት ስለሌለው በጊዜ ይቃጠላል። ግሎብዎ የተዘጋ ከሆነ «ለተዘጋ እቃ ይሆናል» የሚል ይፈልጉ ወይም ዋቱን ይቀንሱ።

ብልጭታም አለ። ርካሽ ሰሌዳ ያለው ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል። ዓይን በግልጽ አያየውም፣ ግን ራስ ምታትና ድካም የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉ። የልጅዎ ዓይን ድካም ከዚህም ሊሆን ስለሚችል ይፈትሹ። ስልክዎን በዝግታ በሚቀርጸው ቪዲዮ ላይ አድርገው ወደ በራው አምፖል ያነጣጥሩ። ጥቁር መስመሮች በምስሉ ላይ ሲሮጡ ወይም ምስሉ በግልጽ ሲንቀጠቀጥ ካዩ አምፖሉን ይመልሱ። ስልክ ከሌለ እርሳስ በመብራቱ ፊት በፍጥነት ያወዛውዙ። ጥሩ አምፖል ላይ ብዥ ያለ ማራገቢያ ይመስላል፤ ብልጭ የሚል አምፖል ላይ ግን የተነጣጠሉ ብዙ እርሳሶች ይታያሉ።

ካጠፉት በኋላም ጭል ጭል የሚል ኤልኢዲ ካጋጠመዎት አምፖሉ ላይ አይፍረዱ። ማብሪያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለ በእሱ በኩል የምታልፍ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ኤልኢዲውን ታነቃዋለች፤ ይህ ጉዳት የለውም። ጠቋሚ መብራት ከሌለ ግን ማብሪያው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። ይህ ከባድ ነው፤ ማብሪያው ጠፍቶ እንኳ ፖርታ ላምፓዳው ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው፣ አምፖል ሲቀይሩ ሊይዝዎት ይችላል። ኤሌክትሪሺያኑ ለኩሽናው ሲመጣ ይህንንም በቴስተር ያይልዎት።

ወጪውን ከጠየቁኝ፣ ሳሎኑ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ፣ ከ100 ዋት ወደ 15 ሲወርዱ 85 ዋት ይተርፋል። በዓመት 155 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ስለሚበላ፣ ይህ 44 ሰዓት እንጀራ መጋገር ማለት ነው። ኩሽናው ላይ የሚተርፈው ወደ 27 ዋት ነው። ስለዚህ በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ይሁን፤ መጀመሪያ የልጅዎ የጠረጴዛ መብራት፣ ቀጥሎ ለሳሎኑ ባለ 1,500 ሉመን 3000 ኬልቪን፣ ከዚያ ለመኝታ ቤቱ 2700። የኩሽናው ፍሎረሰንት እስኪደክም ሊቆይ ይችላል።

ሲያወጡት ግን ቱቦው እንዳይሰበር ይጠንቀቁ፤ ውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለ። ድንገት ቢሰበር ልጆችን ያስወጡ፣ መስኮት ከፍተው ክፍሉን ለቀው ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። በመጥረጊያ አይጥረጉት፤ ብናኙ ይነሳል። ስብርባሪውን በጓንት ወይም በወፍራም ካርቶን አንስተው፣ የቀረውን ደቃቅ በእርጥብ ወረቀት ጠርገው፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ማሰሮ ወይም በታሸገ ፌስታል ያድርጉት። ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ቤት ውስጥ ካለዎትም ያው ነው።